ትናንት ይጫወት የነበረ ጌም ዛሬ ሲቆለፍ፦ ያገለገለ ፕሌይስቴሽን 4 ሲገዙ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ከእጅ ወደ እጅ ከሚሸጡ የጌም ማሽኖች መካከል ጎልቶ የሚታየው ፕሌይስቴሽን 4 ነው። ገዢ ብዙውን ጊዜ የሚጨነቀው ማሽኑ ይበራል ወይስ አይበራም በሚለው ጥያቄ ላይ ነው፤ ሆኖም ገንዘብ የሚያስከስረው ችግር የሚመጣው ማሽኑ በርቶ፣ ጌሙ ተከፍቶ፣ ሁሉም ነገር ደህና መስሎ ከታየ በኋላ ነው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ሰፊውን ቦታ የሚሰጠው ለአንድ ምልክት ነው፤ እሱም ሻጩ ዘንድ ያለ ችግር ይሠሩ የነበሩ ጌሞች ቤት ከደረሱ በኋላ ተቆልፈው መገኘታቸው ነው።

ምልክት፦ ጌሞቹ ላይ የቁልፍ ምስል ታየ

የሚከተለውን ሁኔታ እንውሰድ። አንድ የኮምቦልቻ ወጣት ደሴ ወጥቶ ፒያሳ አካባቢ አንድ ቀጭኑን ሞዴል፣ ማለትም ከ2016 ጀምሮ የተሠራውን ስሊም የሚባለውን ይገዛል። ማሽኑ ውስጥ ከአሥር በላይ ጌሞች ያለ ሲዲ ተጭነዋል፤ ዋጋውም በዚያው ልክ ከፍ ብሏል። ሻጩ ፊት ሁለቱን ከፍቶ ተጫውቷል። ማታ ቤቱ ይዞት ገብቶ ሲያበራው ግን ጌሞቹ ላይ ትንሽ የቁልፍ ምስል ተለጥፏል፤ ሲነካቸውም አይከፈቱም። ሻጩን ሲደውልለት "እኔ ጋ ይሠራ ነበር" ይለዋል፤ ይህም እውነት ነው። ችግሩ ያለው ይሠራ የነበረበት መንገድ ላይ ነው።

ለዚህ ምልክት ሦስት ምክንያቶች ይኖራሉ፤ የሚለዩትም በቀላሉ ነው። መጀመሪያ Settings ከዚያም System ከዚያም System Information የሚለውን ከፍተው System Software ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር ያንብቡ። ቁጥሩ 9.00 ወይም 11.00 ላይ ቆሞ ከተገኘ፣ ማሽኑ ጄልብሬክ የተደረገ፣ ማለትም ያልተገዙ ጌሞችን እንዲከፍት የአምራቹ ጥበቃ የተሰበረበት ስለ መሆኑ ጠንካራ ጥርጣሬ ሊኖር ይገባል፤ እነዚህ ሁለቱ ጄልብሬክ በማድረግ ረገድ በጣም የታወቁ ቁጥሮች ናቸውና። የፕሌይስቴሽን 4 ጄልብሬክ በማሽኑ ላይ በቋሚነት የሚቀመጥ አይደለም። ማሽኑ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ በተነሣ ቁጥር በፍላሽ፣ በኔትወርክ ገመድ ወይም በሌላ መንገድ እንደገና መጫን አለበት፤ እስኪጫን ድረስ የተኮረጁት ጌሞች ተቆልፈው ይቆያሉ። ማሽኑ Rest Mode ላይ ሲቀመጥ ግን ጄልብሬኩ አይጠፋም። ስለዚህ ሻጩ ዘንድ ሲደርሱ የማሽኑ መብራት ብርቱካናማ ሆኖ ካገኙት፣ ያ ማሽን ተኝቶ እንጂ ጠፍቶ አይደለም፤ እዚያው ማብራትና መጫወት የሚያረጋግጠው ነገር የለም። መብራት በሚቆራረጥበት ቤት ደግሞ ይህ ሁኔታ ከአንድ ሌሊት በላይ ላይዘልቅ ይችላል።

መፍትሄው ከመክፈል በፊት ያለ ነው። ማሽኑን ከPower ምናሌው Turn Off PS4 በሚለው ያጥፉት፤ መብራቱ ጨርሶ ሲጠፋ ገመዱን ከሶኬት ይንቀሉና ጥቂት ደቂቃ ቆይተው መልሰው ያብሩት። ከዚህ በኋላ ጌሞቹ ከተቆለፉ ምክንያቱ ታወቀ ማለት ነው። አውቀው ጄልብሬክ የተደረገ ማሽን የሚፈልጉ ሰዎች ይኖራሉ፤ እነሱም ቢሆኑ ሁለት ነገር ማወቅ አለባቸው። አንደኛ፣ ማሽኑ ሶፍትዌሩን ካዘመነ ያ ሁሉ ጌም ይቀራል። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለ ማሽን ወደ ፕሌይስቴሽን ኔትወርክ ቢገባ ሊታገድ ይችላል፤ እገዳው ማሽኑ ላይ ከሆነ ደግሞ አዲስ አካውንት መክፈት አያስነሣውም። በኢንተርኔት ከጓደኛ ጋር ለመጫወት የሚገዛ ሰው እዚያው በስልኩ ሆትስፖት አማካኝነት በራሱ አካውንት ገብቶ መሞከር ይኖርበታል።

አስቀድሞ ተገዝቶ ከሆነና ንጹሕ ማሽን ከተፈለገ፣ ሶፍትዌሩን እንደገና መጫን ይቻላል። ለዚህ የሚያስፈልገው ከአምራቹ ድረ ገጽ የሚወርድ ፋይል ሲሆን መጠኑ ወደ 1 ጊጋባይት ገደማ ነው። ፍላሹ በFAT32 ወይም በexFAT ፎርማት ይደረግና ፋይሉ በዚህ ቦታ ይቀመጣል፦

```
PS4/UPDATE/PS4UPDATE.PUP
```

ከዚያ ማሽኑ ጠፍቶ ሳለ የማብሪያ ቁልፉን ሁለተኛው ድምፅ እስኪሰማ፣ ወደ 7 ሰከንድ ያህል ተጭነው ሲይዙት Safe Mode ይከፈታል፤ ጆይስቲኩን በገመድ ካገናኙ በኋላ 7ኛውን አማራጭ ይምረጡ። ይህ በማሽኑ ላይ ያለውን ሁሉ ይደመስሳል፤ በመካከሉ መብራት ከጠፋ ሥራው ስለሚበላሽ በሚተማመኑበት ሰዓት ብቻ ይጀምሩት።

ሁለተኛው ምክንያት የሌላ ሰው አካውንት ነው። የሶፍትዌሩ ቁጥር አዲስ ሆኖ ጌሞቹ ከተቆለፉ፣ ጌሞቹ በሕጋዊ መንገድ የተገዙ፣ ነገር ግን የሻጩ ወይም የሦስተኛ ሰው አካውንት ንብረት ናቸው። ያ አካውንት ማሽኑን ዋና ማሽኑ አድርጎ እስከመዘገበ ድረስ ማንኛውም ተጠቃሚ ጌሞቹን ይጫወታል፤ ባለቤቱ ምዝገባውን ባነሣ ወይም ሌላ ማሽን በመዘገበ ጊዜ ግን ይቆለፋሉ። ባለቤቱ ይህን ለማድረግ ማሽኑ አጠገቡ መኖር የለበትም፤ በድረ ገጽ በኩል በየስድስት ወሩ አንድ ጊዜ ሁሉንም ማሽኖች በአንድ ላይ ማንሣት ይችላል። ይህን በሱቅ ውስጥ በማንኛውም ሙከራ ማስቀረት አይቻልም፤ ሻጩ ክፉ ሰው ባይሆንም እንኳ ነገ ሌላ ማሽን ሊገዛ ይችላልና። ስለዚህ ጽኑ ምክሬ ያለ ሲዲ ለተጫነ ጌም አንድም ብር አለመክፈል ነው፤ ዋጋ ሲከራከሩ ማሽኑን ባዶ እንደ ሆነ አድርገው ይቁጠሩት። ከመክፈልዎ በፊትም ሻጩ ራሱ Account Management ውስጥ ገብቶ Activate as Your Primary PS4 በሚለው ሥር Deactivate እንዲያደርግና ተጠቃሚውን እንዲሰርዝ ይጠይቁት።

ሦስተኛው ምክንያት ከሁለቱ ያነሰ ነው፤ የሰዓት ባትሪ። በማሽኑ ዋና ቦርድ ላይ ሲአር 2032 የምትባል ክብ ባትሪ አለች፤ ገመዱ በተነቀለ ጊዜ ሰዓቱን የምትጠብቀው እሷ ናት። ባትሪዋ ስታልቅ ማሽኑ ቀኑን ይረሳል፤ ከ9.00 በታች ባሉ ሶፍትዌሮች ላይ ደግሞ ማሽኑ ከኔትወርኩ ሰዓቱን እስኪያስተካክል ድረስ ጌም አልከፍት ይላል። ከመስከረም 2021 በኋላ የወጡ ሶፍትዌሮች ይህን አስቀርተዋል። ለመፈተን ዋይፋዩን ያጥፉ፤ ኢንተርኔት ካለ ቀኑን ስለሚያርመው ጉድለቱ አይታይም። ከዚያ ገመዱን ነቅለው መልሰው ከሰኩ በኋላ Date and Time የሚለውን ይመልከቱ። ቀኑ ወደ ኋላ ከሄደ ባትሪዋ መቀየር አለባት። ባትሪዋ ርካሽ ናት፤ ነገር ግን ማሽኑ መከፈት ስላለበት የሠራተኛውን ዋጋ ከማሽኑ ዋጋ ላይ ማስቀነስ ተገቢ ነው።

ምልክት፦ ሲዲው ይሠራል፣ የተገዛው ተጨማሪ ይዘት ግን አይታይም

የፕሌይስቴሽን 4 ጌም ሲዲዎች በክልል አይቆለፉም፤ ከዱባይ የመጣ ሲዲ ከአሜሪካ በመጣ ማሽን ላይ ይሠራል። የሚቆለፉት የፊልም ሲዲዎች ናቸው። ሆኖም በጌሙ ላይ የሚጨመር የሚገዛ ይዘት፣ ለምሳሌ የእግር ኳስ ጌም ነጥቦች፣ ከሲዲው ክልል ጋር መግጠም አለበት። ኢትዮጵያ በኔትወርኩ የአገሮች ዝርዝር ውስጥ ስለሌለች እዚህ ያለው ሰው አካውንት የሚከፍተው በሌላ አገር ስም ነው፤ አንድ ጊዜ የተመረጠው አገር ደግሞ በኋላ አይቀየርም። ምክንያቱ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው።

በሲዲውና በሽፋኑ ጎን ላይ CUSA ብሎ የሚጀምርና አምስት አሃዝ የሚከተለው ቁጥር አለ፤ አንድ ጌም በየክልሉ የተለያየ ቁጥር ይይዛል። የሲዲው ቁጥር ከሽፋኑ ቁጥር ጋር ካልተመሳሰለ ሽፋኑ የሌላ ሲዲ ነው ማለት ነው። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ከሲዲው ክልል ጋር የሚስማማ ሁለተኛ አካውንት በነጻ ይክፈቱና ይዘቱን በዚያ ይግዙ፤ ያ አካውንት ማሽኑን ዋና አድርጎ ከመዘገበ በራስዎ አካውንትም ይሠራልዎታል። ያገለገለ ሲዲ ሽፋን ውስጥ የሚገኝ የኮድ ወረቀት ግን አንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ስለሆነ እንደ ጥቅም አይቁጠሩት።

ምልክት፦ ጆይስቲኩ ከገመድ ሲላቀቅ ወዲያው ይሞታል

የጆይስቲኩ ባትሪ አዲስ ሳለ 1000 ሚሊአምፒር ሰዓት የሚይዝና ከ4 እስከ 8 ሰዓት የሚያጫውት ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ ጆይስቲኩን ከገመድ ጋር አያይዘው ያቀርባሉ፤ ገመዱን ነቅለው ይጫወቱ። PS የሚለውን ቁልፍ ተጭነው ሲይዙ የባትሪው ደረጃ ይታያል፤ ሙሉ የነበረው በግማሽ ሰዓት ውስጥ ወደ አንድ መስመር ከወረደ ባትሪው አልቋል። የጆይስቲኩ ሁለት ግማሾች የሚገጥሙበት መስመር ተከፍቶ ከታየ ባትሪው አብጧል፤ አይጫኑት፣ አይውጉት፣ ቻርጅም አያድርጉት። ባትሪውን ለመቀየር አራት ብሎኖችን መፍታት በቂ ነው፤ ነገር ግን አሮጌውና አዲሱ ጆይስቲክ የባትሪ መሰኪያቸው ይለያያል። በመንኪያ ሰሌዳው ላይ ቀጭን የብርሃን መስመር የሚታየው አዲሱ ነው፤ ባትሪ ከመግዛትዎ በፊት ይህን ይለዩ።

ምልክት፦ ማሽኑ ይጮኻል፣ ይግላል ወይም ሥዕሉ ይቆራረጣል

በጀርባ በኩል ብሎኖቹን የሚሸፍነው ተለጣፊ ማኅተም ተቀዶ ወይም ጠፍቶ ከሆነ ማሽኑ ተከፍቷል። ይህ ብቻውን ጥፋት አይደለም፤ ለዓመታት የሠራ ማሽን አቧራው ተጠርጎ የሙቀት ቅባቱ ቢቀየር ይሻለዋል። የሚያሳስበው ማን ለምን እንደከፈተው አለመታወቁ ነው። ባለ ስድስት ጥርስ የሆኑትና መሃላቸው ላይ ፒን ያላቸው ብሎኖች ከተፋቁ፣ ከጎደሉ ወይም በተራ ብሎን ከተተኩ፣ የከፈተው ሰው ተገቢ መፍቻ አልነበረውም። ከዚያ የኤችዲኤምአይ ገመዱን ሰክተው በቀስታ ያነቃንቁ፤ ሥዕሉ ብልጭ ድርግም ካለ መሰኪያው ላልቷል ወይም በደንብ ሳይበየድ ቀርቷል፤ ጥገናውም ልምድ ያለው እጅ ይፈልጋል።

ሙቀቱን ለመፈተን ከባድ ጌም ከሲዲ አስገብተው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጫወቱ። እዚህ ላይ የደሴ ብርድ ገዢን ያታልላል፤ በደሴ ጧት ዝም ብሎ የሚሠራ ማሽን ዝቅ ብላ በምትገኘውና በምትሞቀው ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ሊጮኽ፣ አልፎም በሙቀት ማስጠንቀቂያ ራሱን ሊያጠፋ ይችላል። ማሽኑ የሚቀመጠው ኮምቦልቻ ከሆነ በደሴ ፀጥ ማለቱን ብቻ አይመኑ፤ ከኋላ የሚወጣውን አየር በእጅዎ ይለኩ። ማራገቢያው በኃይል እየዞረ የሚወጣው አየር ደካማ ከሆነ ውስጡ በአቧራ ተደፍኗል፤ የጽዳቱን ዋጋ ከሻጩ ጋር ሲስማሙ ያስቡበት።