ወለሉን ሳይሆን ሠራተኛዋን መመዘን፦ በሆስፒታል የአፈጻጸም ምዘና ላይ የሚደጋገሙ ስህተቶች

በየስድስት ወሩ የሥራ አፈጻጸም ምዘና በሚሞላባቸው ሆስፒታሎች ውስጥ ኃላፊዎችን ግራ የሚያጋቡት የጽዳት ሠራተኛዋ፣ የተኝቶ ሕክምና ክፍሏ ነርስና የእንግዳ ተቀባይዋ ቅጾች ናቸው። የነዚህ ሰዎች ውጤት ብዙውን ጊዜ ያልደረሰ ጉዳት ነው፤ ያልተዛመተ ኢንፌክሽን፣ ከአልጋ ያልወደቀ ታካሚ፣ ተሳስቶ ወደ ሌላ ሕንፃ ያልተላከ ባለጉዳይ። ያልደረሰን ነገር መቁጠር ስለማይቻል በዓይን የሚታየው ድርጊት ይመዘን በሚለው ብዙዎቻችን እንስማማለን፤ ቅጹ ፊታችን ሲቀመጥ ግን ወደ ለመድነው እንመለሳለን።

ወለሉን አይቶ ለሠራተኛዋ ነጥብ መስጠት

ይህን ስህተት ስለሰለቸሁት በዝርዝር እጽፈዋለሁ። የክፍል ኃላፊው ከቀትር በኋላ በኮሪደሩ ሲያልፍ ወለሉ የሚያብረቀርቅ ከሆነ አምስት፣ ጭቃ ካለበት ሁለት ይሰጣል። በአንድ ሆስፒታል የአስተዳደር ሕንፃውን የምታጸዳው ሠራተኛ በየምዘናው ከፍተኛ ነጥብ ስታገኝ የድንገተኛ ክፍሏ ሠራተኛ ደግሞ ሁልጊዜ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ነበረች። ድንገተኛ ክፍል በክረምት ከነጭቃ ጫማው የሚገባ አስታማሚ፣ በየሰዓቱ የሚፈስ ደምና ትውከት፣ የሚቋረጥ ውኃ ያለበት ቦታ ነው። ቅጹ የመዘነው የሁለቱን ሕንፃዎች ልዩነት እንጂ የሁለቱን ሴቶች ሥራ አልነበረም።

ቅሬታው ሲበዛ ሁለቱም በሥራ ላይ እያሉ በተለያየ ሰዓት እየቆምን ተመለከትን። የድንገተኛ ክፍሏ ሠራተኛ ደም ሲፈስ መጀመሪያ ጓንት አድርጋ በሚመጥ ጨርቅ አነሣችው፣ ጨርቁን ቢጫው የተላላፊ ቆሻሻ ማጠራቀሚያ ውስጥ ጣለች፣ ቦታውን በሳሙናና በውኃ አጠበች፣ ከዚያ በኋላ ነው የክሎሪን ውህዱን ያፈሰሰችው። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው፤ ክሎሪን ደምና ሌላ ቆሻሻ ሲያገኘው ኃይሉ ስለሚዳከም በደሙ ላይ በረኪና ማፍሰስ ሽታውን ከማምጣት ብዙም አያልፍም። ውህዱንም በማሰሮ መጠን እየገመተች ሳይሆን በመለኪያ ጆግ አንድ እጅ 5 በመቶ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅላ 0.5 በመቶ አድርጋ ስታዘጋጅ፣ ከትናንት የተረፈውንም ስትደፋ አየን። የአስተዳደር ሕንፃዋ ሠራተኛ ግን መጸዳጃ ቤቱን በወለወለችበት መወልወያ ቀጥላ ኮሪደሩን፣ ከዚያም የሻይ ክፍሉን ስትወለውል ተገኘች። ወለሉ በእርግጥ ያብረቀርቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ «ጽዳትን በጥራት ታከናውናለች» የሚለው መስፈርት ወጥቶ በቦታው የገቡት ጥቂት ድርጊቶች ናቸው፦ ውህዱን በየቀኑ በመለኪያ ታዘጋጃለች፤ ከንጹሑ ቦታ ጀምራ ወደ ቆሻሻው፣ ከላይ ጀምራ ወደ ታች ታጸዳለች፤ የመጸዳጃ ቤት መወልወያ ከመጸዳጃ ቤት አይወጣም፤ በቆሸሸ ጓንት የበር እጀታ አትነካም። እያንዳንዱ ታየ ወይም አልታየም ተብሎ የሚመዘገብ ስለሆነ ሁለት ታዛቢዎች አጠገብ ለአጠገብ ቆመው ቢሞሉት የሚለያዩበት ቦታ ጥቂት ነው። ቢለያዩ እንኳ የሚታረመው የመስፈርቱ አጻጻፍ ነው።

ጠባይን መጻፍ

«ታታሪ»፣ «ቅን»፣ «ተግባቢ» የሚሉት ቃላት የሚገልጹት ኃላፊው ስለ ሰውየው ያለውን ስሜት ነው፤ ምን አድርጎ ሲታይ ታታሪ እንደተባለ መጻፍ ካልተቻለ መስፈርቱ ይሰረዝ።

የተጻፈውን እንደተሠራ መቁጠር

ነርሶችን ሲመዝኑ ቻርቱን ብቻ የሚያገላብጡ ኃላፊዎች የጽሕፈት ሥራን ነው የሚመዝኑት። በአንድ ክፍል የአሥራ ሁለት ታካሚዎች የቫይታል ሳይን ቅጽ ተሟልቶ፣ በሰዓቱ ተፈርሞበት፣ የሁሉም የአተነፋፈስ ቁጥር 20 ሆኖ አይቻለሁ። ከአሥራ ሁለቱ አንዱ የሳንባ ምች ያለበት፣ ከአልጋው ራስጌ ቀና ብሎ በጭንቅ የሚተነፍስ አዛውንት ነበር። ቅጹ በምዘናው ሙሉ ነጥብ አግኝቷል፤ ምክንያቱም የተጠየቀው «ቫይታል ሳይን በወቅቱ ይመዘገባል» የሚል ነበር።

በዓይን የሚታየው ሌላ ነው። ነርሷ ሰዓቷን ይዛ የታካሚውን ደረት እያየች አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች ወይስ አልቆጠረችም? የሕመም ማስታገሻ ከሰጠች በኋላ ተመልሳ ሕመሙ መቀነሱን ጠየቀች? ሺፍት ስትለቅ ተረኛዋን ይዛ አልጋ ለአልጋ እየሄደች አስረከበች ወይስ ከጠረጴዛው ላይ ሆና «ሁሉም ደኅና ናቸው» ብላ ወጣች? እዚህ ላይ ለጀማሪ ኃላፊዎች የማዝንበት ነገር አለ፤ ቻርት ቢሮ ድረስ ይመጣል፣ ርክክብን ለማየት ግን ከንጋቱ 1 ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ መገኘት ያስፈልጋል።

ዕድሉን ሳይቆጥሩ ጉድለቱን መቁጠር

«እጇን ሳትታጠብ ሦስት ጊዜ ታይታለች» የሚል ማስታወሻ ብቻውን ምንም አይነግርም። መታጠብ ከሚገባት አራት አጋጣሚዎች ሦስቱን ስታልፍና ከሠላሳው ሦስቱን ስታልፍ አንድ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት አምስቱን የእጅ ንጽሕና ጊዜያት የለየው ለዚሁ ይጠቅማል፤ ታካሚ ከመንካት በፊት፣ ከብክለት ነጻ መሆን ያለበት ሥራ ከመጀመሩ በፊት፣ ለሰውነት ፈሳሽ ከመጋለጥ በኋላ፣ ታካሚ ከተነካ በኋላ፣ በታካሚው ዙሪያ ያለ ዕቃ ከተነካ በኋላ። ታዛቢው መጀመሪያ አጋጣሚውን፣ ቀጥሎ የተደረገውን ይጻፍ። በዚያን ዕለት ሳሙናም አልኮልም ካልነበረ ጉድለቱ በግምጃ ቤቱ ስም እንጂ በነርሷ ስም አይያዝ። በተጨማሪም ሰው መታየቱን ሲያውቅ እጁን ይበልጥ ስለሚታጠብ፣ ቀኑ ተነግሮ ከሚደረግ የአንድ ሰዓት ምልከታ ይልቅ ሌሊትንና በዓላትን ጨምሮ በተለያየ ጊዜ የሚደረጉ አጫጭር ምልከታዎች ይሻላሉ።

የእንግዳ ተቀባይዋን ፈገግታ መመዘን

ፈገግታን ተዉት። ሰው ሲመጣ ከስልኳ ቀና ትላለች? የተነገራትን ስልክ ቁጥር መልሳ ታነባለች? ሐኪሙ ሲዘገይ ወረፋ ለያዙት ሳይጠይቋት ታሳውቃለች? ማንበብ የማይችል ባለጉዳይ ሲመጣ «ቁጥር 14 ሂዱ» ብላ ትልካለች ወይስ በሩን ታሳየዋለች?

የስድስት ወሩን ሥራ በመጨረሻው ሳምንት ማስታወስ

ሰኔ ላይ የተሰበረ ብርጭቆ ከጥር ጀምሮ የተሠራውን ሁሉ ይጋርደዋል። መድኃኒቱ ቀንና ሰዓት የያዘ አጭር ማስታወሻ ነው፦ «መጋቢት 9፣ ጠዋት 4፡20፣ ክፍል 6። ሁለት ክፍሎችን በአንድ መወልወያ ወለወለች። ስትጠየቅ ውኃ እስከ 4 ሰዓት እንዳልነበረና አንድ ባልዲ ብቻ እንዳገኘች ተናገረች።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር መጻፍ አለበት፤ ያለ እርሱ ማስታወሻው የክስ ወረቀት ይሆናል። ጥሩው ድርጊትም በዚያው ደብተር፣ በዚያው ዝርዝር ይመዝገብ፤ ጥፋት ብቻ የሚጻፍበትን ደብተር ሠራተኞች ቶሎ ያውቁታል፣ ኃላፊው ሲመጣም ሥራቸው ይለወጣል።

ነጥቡም የሚሞላው ማስታወሻዎቹ ለሠራተኛዋ አንድ በአንድ ከተነበቡላት በኋላ ነው። ያልተስማማችበት ካለ ቃሏ ከሥሩ ይጻፍ፤ ባልዲው እውነትም አንድ ከነበረ ግምጃ ቤቱን ጠይቆ ማረጋገጥ ከፊርማው በፊት የሚሠራ የኃላፊው ሥራ ነው።