የጡጦ የኮመጠጠ ወተት ሽታ እንዴት ይለቃል?

ጡጦው ታጥቧል፣ ተቀቅሏል። ክዳኑ ሲከፈት ግን ያ የኮመጠጠ ሽታ አልጠፋም። ብዙ ጊዜ ችግሩ ቅደም ተከተሉ ነው። መቀቀል ጀርም ይገድላል እንጂ ቅባት አያጸዳም። እንዲያውም ወተት የነካው ጡጦ ሳይታጠብ ፈላ ውሃ ውስጥ ከገባ፣ የወተቱ ፕሮቲን በሙቀቱ ረግቶ ፕላስቲኩ ላይ ይጣበቃል።

ወተት እንደያዘ ያደረ ጡጦን እንውሰድ። መጀመሪያ ሁሉንም ፈታቱ። ጎማውን (የሚጠባውን ጫፍ) ከቀለበቱ ጎትታችሁ አውጡና እያንዳንዱን ለየብቻ አሽትቱ። ሽታው አብዛኛውን ጊዜ የሚደበቀው ጎማው ቀለበቱ ውስጥ በሚገባበት ጠርዝና በጡጦው አንገት ጥርሶች መሃል ነው። ጡጦውን ብቻ የሚያሽ ሰው እነዚህን ይዘላቸዋል።

ከዚያ ሁሉንም በቀዝቃዛ ውሃ አለቅልቁ። ቀጥሎ ንጹህ ሳፋ ውስጥ እጅ የሚችለው ሙቅ ውሃና ፈሳሽ ሳሙና አድርጋችሁ በጡጦ ብሩሽ እሹት። ቅባቱን የሚያስለቅቀው ይህ ነው። ጎማውን ገልብጣችሁ ውስጡን በጣት እሹ፤ በቀዳዳውም ውሃ ጨምቃችሁ አሳልፉ። አሸዋ ወይም የብረት መፈግፈጊያ አትጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን ይጭረዋል፣ ጭረቱም ወተት ይይዛል። የወተት ዕቃን በወይራ የማጠን ልማዳችንም ለፕላስቲክ አይሆንም። ለቅል ነው።

አሁን ወደ ሽታው። ግማሽ ሊትር ለብ ያለ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ አሟሙ። ጡጦውን እስከ አፉ ሙሉት፤ ጎማውንና ቀለበቱን በቀረው ውሃ ዘፍዝፉ። ጎማው ስለሚንሳፈፍ ትንሽ ሰሃን ጫኑበት። ይደር። የወተቱ ሽታ በአብዛኛው ከአሲድ የሚመጣ ስለሆነ ሶዳው ያከሽፈዋል። ጠዋት በሳሙና አጥባችሁ በደንብ አለቅልቁ።

ካልለቀቀ፣ እኩል አቼቶና ውሃ ቀላቅላችሁ ለግማሽ ሰዓት ዘፍዝፉት። ሶዳና አቼቶን አንድ ላይ አትጨምሩ፤ እርስ በርስ ይሻሻራሉ። አቼቶና በረኪናን ግን በፍጹም! መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል።

መቀቀሉ የመጨረሻው ነው። ሁሉም በውሃ ተሸፍኖ ከፈላ በኋላ 5 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በፎጣ ሳትወለውሉ ንጹህ ጨርቅ ላይ ደፍታችሁ በአየር አድርቁ። እርጥብ ሆኖ የተከደነ ጡጦ መልሶ ይሸታል።

መልቀቁን ለማወቅ፣ የደረቀውን ጡጦ ገጥማችሁ አሳድሩና ጠዋት ከፍታችሁ አሽትቱ። አሁንም ከሸተተና ውስጡ የተጫረ ከሆነ ይቀየር። ጎማው ከተጣበቀ፣ ካበጠ ወይም ከተሰነጠቀ ደግሞ ሽታ ባይኖረውም ይጣል፤ ተቆርሶ ሕፃኑን ሊያንቅ ይችላል።