ትልቅ ቅናሽ ሲጠየቅ ከዋጋው ሳይሆን ከሥራው ቀንሱ

በግላችሁ የምትሠሩ ሰዎች፣ ደንበኛ «40 በመቶ ቀንስልኝ» ብሎ ሲጽፍላችሁ እምቢታውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሱና በያዘው በጀት ልክ የሚሠራ አነስ ያለ ሥራ አቅርቡለት። ባለ አምስት ገጽ ድረ ገጽ ለሚፈልግ ደንበኛ የምልከው ኢሜይል ይህን ይመስላል፦

«ጤና ይስጥልኝ። በጀትዎን በግልጽ ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። አምስቱንም ገጽ ባሉት ዋጋ መሥራት አልችልም። ሁለት አማራጭ ግን አለ፦ በያዙት በጀት ሦስቱን ዋና ዋና ገጾች አሁን ሠርቼ ሁለቱን በኋላ መጨመር፣ ወይም ሁሉንም በመጀመሪያው ዋጋ ሠርቼ ክፍያውን በሦስት ጊዜ መቀበል። የትኛው ይሻልዎታል? እስከ ዓርብ ካሳወቁኝ ሰኞ እጀምራለሁ።»

ያንኑ ሥራ በ40 በመቶ ቀንሳችሁ ብትሠሩ ደንበኛው መጀመሪያም ዋጋ አጋናችሁ እንደጠራችሁ ነው የሚቆጥረው፤ የሚቀጥለው ድርድርም ከተቀነሰው ዋጋ ይነሳል። ከአምስት ገጽ ሦስቱ ግን 60 በመቶ ስለሆነ እሱ ያለውን ይከፍላል፣ የእናንተም የአንድ ገጽ ዋጋ አይነካም። ጥያቄውም «ትቀንሳለህ ወይ?» መሆኑ ቀርቶ «የትኛውን ልምረጥ?» ይሆናል።

ምክንያት አትደርድሩ። እኔ ድሮ ግማሽ ገጽ ይቅርታ እጽፍ ነበር፤ እያንዳንዱ ምክንያት የመከራከሪያ በር ከፈተ እንጂ ሌላ አልፈየደም።

ደንበኛው ያለቀውን ሥራ ከተረከበ በኋላ ለሚመጣ የቅናሽ ጥያቄ ይህ አይሠራም፣ የሚቀነስ ሥራ የለማ! ያኔ የተስማማችሁበትን ጽሑፍ አያይዛችሁ የመክፈያ ቀኑን ብቻ አስታውሱ።