በዓል ቅዳሜ ወይም እሁድ ሲውል ዕረፍታችሁ የት እንደሚሄድ እንዴት ታውቃላችሁ?

በፈረንጆቹ 2021 የፈረንጅ ገና ቅዳሜ ዋለ። አሜሪካ ከመጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ ነበር። የፌዴራል መሥሪያ ቤት የምትሠራ ጓደኛዬ «ዓርብ ዝግ ነው» አለችኝ። እኔም አምኜ ተኛሁ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አለቃዬ ደወለ፦ «የት ነህ?» ለካ ዝግ የነበረው የእሷ መሥሪያ ቤት ነው፤ የእኔ ክፍት ነበር።

ጓደኛዬ አልዋሸችም። ስህተቱ የእሷን ካሌንደር የራሴ አድርጌ መውሰዴ ነው። ያው አጋጣሚ በ2027 ይደገማል፤ ዲሴምበር 25 ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 26 ደግሞ እሁድ ነው። እንግዲህ ይችን ዓመት ምሳሌ አድርገን እንሂድ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ፣ የኢትዮጵያ ካላልኩ በስተቀር፣ የፈረንጆች ናቸው።)

1. መጀመሪያ የምትኖሩበት አገር የሳምንት ዕረፍት መቼ እንደሆነ እዩ

ቀላል ይመስላል፤ ግን እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው። ሳውዲ ውስጥ ከ2013 ጀምሮ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። እሁድ የሥራ ቀን ስለሆነ እሁድ የዋለ በዓል ከማንም ዕረፍት ጋር አይጋጭም። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች መንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግን በ2022 መጀመሪያ ላይ ወደ ቅዳሜና እሁድ ዞረዋል። ስለዚህ ሪያድ ያለችው እህትና ዱባይ ያለው ወንድም ስለ አንድ ቀን በስልክ ሲያወሩ ላይግባቡ ይችላሉ።

የእናንተ የግል ፕሮግራምም ይቆጠራል። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ለሚሠራ ሰው ቅዳሜ ተራ የሥራ ቀን ነው። የአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኛ ሆኖ እንዲህ ያለ ፕሮግራም ካለው በዓሉ በራሱ ቀን፣ ቅዳሜ ይሰጠዋል። ዓርብ ግን ሥራ ይገባል።

2. የአገሩ ሕግ ቀኑን ወዴት እንደሚገፋው እወቁ

አንዳንዱ አገር ወደ ኋላ ይጎትታል፣ አንዳንዱ ወደ ፊት ይገፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ ዝም ይላል። ካሌንደር ላይ «ኦብዘርቭድ» የሚል ቃል ካያችሁ፣ በዓሉ በራሱ ቀን ቢሆንም ዕረፍቱ የሚሰጠው በዚያ ቀን ነው ማለት ነው። እንግሊዞቹ ምትክ ቀን ይሉታል።

አሜሪካ ሁለቱንም ታደርጋለች። ከሰኞ እስከ ዓርብ ለሚሠራ የፌዴራል ሠራተኛ፣ ቅዳሜ የዋለ በዓል ወደ ዓርብ ይመለሳል፤ እሁድ የዋለው ወደ ሰኞ ይሄዳል። ስለዚህ የ2027 ገና ዕረፍት ዓርብ ዲሴምበር 24 ነው። ሳምንት ቆይቶ የሚመጣው አዲስ ዓመት፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 2028፣ እሱም ቅዳሜ ነው። ዕረፍቱ ዓርብ ዲሴምበር 31 ቀን 2027 ይሆናል። የ2028 አዲስ ዓመት በ2027 ያልቃል ማለት ነው! ካሌንደሩን በዓመት ከፋፍሎ የሚያይ ሰው የ2028ቱን ዝርዝር ቢያገላብጥ አዲስ ዓመትን ላያገኘው ይችላል።

አሜሪካኖች የሦስት ቀን ተከታታይ ዕረፍት እንዲበዛ ብለው ነው በ1968 አንዳንድ በዓላትን በሕግ ወደ ሰኞ ያዛወሩት። ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው በ1971 ነው። የፕሬዚዳንቶች ቀንና የሜይ መጨረሻው ሜሞሪያል ዴይ ሁሌ ሰኞ ስለሆኑ ከቅዳሜና እሁድ ጋር አይጋጩም። የቀድሞ ወታደሮች ቀንም ወደ ሰኞ ተዛውሮ ነበር፤ ሕዝቡ ግን ኖቬምበር 11ን አልለቅም ስላለ በ1978 ወደ ቦታው ተመለሰ።

እንግሊዝ ወደ ፊት ብቻ ነው የምትገፋው። እዚያ ዲሴምበር 26ም በዓል ነው። በ2027 ሁለቱም ቅዳሜና እሁድ ላይ ስለሚወድቁ ምትካቸው ሰኞ 27 እና ማክሰኞ 28 ይሆናል። የለንደን ሰው አራት ቀን በተከታታይ ያርፋል። ገና እሁድ ሲውል ደግሞ ነገሩ ትንሽ ይወሳሰባል። በ2022 እንደዚያ ሆነ፤ ሰኞ 26 ራሱ በዓል ስለነበረ የገና ምትክ እሱን ዘልሎ ማክሰኞ ላይ አረፈ።

ደቡብ አፍሪካ ያሉ ወገኖች ልብ በሉ። የዚያ አገር የ1994 ሕግ የሚያውቀው እሁድን ብቻ ነው። እሁድ የዋለ በዓል ሰኞን ይሰጣል፤ ቅዳሜ የዋለ ግን እንዲሁ ይቀራል። ስለዚህ በ2027 የቅዳሜው ገና ምትክ የለውም፤ የእሁዱ ዲሴምበር 26 ግን ሰኞን ያስገኛል። በ2022 ገና እሁድ ውሎ፣ ሰኞ ደግሞ በራሱ በዓል ሆኖ ሲጋጩ፣ ማክሰኞ ዲሴምበር 27 በፕሬዚዳንቱ ውሳኔ ተጨማሪ በዓል ሆኗል።

ጀርመን? ምንም የለም። ሁለቱም ቀኖች ቅዳሜና እሁድ ላይ ወደቁ፣ አለቀ። ፍራንክፈርት ያለ አንድ ዘመዴ እንዲህ ያለውን ዓመት «በዓል የተሰረቀበት ዓመት» ይለዋል።

ኢትዮጵያም በዚህ ከጀርመን ጋር ናት። በ2017 ዓ.ም. ጥምቀት፣ ጥር 11፣ እሁድ ነበር። ሰኞ ሁሉም ሥራ ገባ። ፋሲካማ ሁሌም እሁድ ነው፤ እንግሊዞች ማግስቱን ሰኞ ሲያርፉ እኛ ከዶሮው ሳንነሳ ቢሮ እንገባለን። አገር ቤት በዓሉ ከሳምንት ዕረፍት ጋር ሲገጣጠም በዚያ ቀን የሠራ ሰውም ክፍያው አይደራረብለትም። የበዓል አንድ፣ የእሁድ ሌላ ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ የሚከፈለው አንዱ ነው።

እስራኤል ለብቻዋ ናት። እዚያ ዋናው ጭንቀት ሰንበት እንዳይሻር ነው። ስለዚህ ምትክ ዕረፍት በመስጠት ፈንታ በዓሉን ራሱን ያንቀሳቅሱታል። የእኛ ቤተ እስራኤላውያን ሲግድ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቀኑ በዕብራይስጡ አቆጣጠር ሔሽቫን 29 ነው፤ ቅዳሜ ሲውል ወደ ሐሙስ ይቀደማል። በ2024 ሔሽቫን 29 ቅዳሜ ኖቬምበር 30 ስለነበር ሕዝቡ ኢየሩሳሌም ላይ የተሰበሰበው ሐሙስ ኖቬምበር 28 ነው። ዝም ብሎ ዕብራይስጡን ቀን ቆጥሮ አውቶቡስ የሚሳፈር ሰው ባዶ ሜዳ ይጠብቀዋል።

3. ሕጉ እናንተን ይመለከት እንደሆነ ጠይቁ

እኔ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል በዓል ሕግ የሚያዘው የፌዴራል መንግሥቱን ነው። የግል ድርጅት ለበዓል እንዲዘጋም ሆነ ላልተሠራ ቀን እንዲከፍል የሚያስገድድ የፌዴራል ሕግ የለም። እንግሊዝም ቢሆን የግል ሠራተኛ በእነዚያ ቀኖች የማረፍ መብት የሚያገኘው ከውሉ ነው። አሠሪው በሕግ ከተሰጠው የ28 ቀን ዓመታዊ ፈቃድ ላይ ሊቆጥርበት ይችላል።

ስለዚህ የቅጥር ውላችሁን ወይም የሠራተኛ መመሪያውን አውጡና ሁለት ነገር ፈልጉ። አንደኛው፣ የሚታረፉት በዓላት ዝርዝር ነው። ሁለተኛው፣ በዓሉ ቅዳሜ ወይም እሁድ ሲውል ምን እንደሚሆን የሚናገር አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ሁለተኛው ብዙ ጊዜ አይኖርም። ከሌለ ለኤችአር በጽሑፍ ጠይቁ፦ «የዘንድሮ ገና ዕረፍት ዓርብ ነው፣ ሰኞ ነው ወይስ የለም?» መልሱን አስቀምጡት። ፈቃድ የምትጠይቁ ከሆነ ከመልሱ በኋላ ጠይቁ፤ አለበለዚያ በነፃ የምታርፉበትን ቀን ከራሳችሁ ፈቃድ ትከፍላላችሁ።

ባንኩም የራሱ ካሌንደር አለው። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ቅርንጫፎች እሁድ ለዋለ በዓል ሰኞ ይዘጋሉ፤ ቅዳሜ ለዋለ ግን ዓርብ ክፍት ናቸው። ዓርብ ዲሴምበር 24 ቀን 2027 መንግሥት ዝግ ሆኖ ባንክ ክፍት ይሆናል፤ ደመወዛችሁ አይዘገይም። የኒው ዮርክ አክሲዮን ገበያ ደግሞ ሌላ ነው። በ2021 ለገናው ዓርብ ዘግቶ ነበር። ከሳምንት በኋላ ያለውን ዓርብ፣ ዲሴምበር 31ን፣ ግን የዓመት መዝጊያ ሒሳብ ስላለበት ክፍት ሆኖ ዋለ።

4. የክፍያ ወረቀታችሁን አስሉ

አሜሪካ በሰዓት የምትከፈሉ ከሆነ ይቺን እዩ። ሳምንታችሁ ከእሁድ እስከ ቅዳሜ ይቆጠራል፣ በሰዓት የምታገኙት 20 ዶላር ነው እንበል። ከሰኞ እስከ ሐሙስ በቀን 8 ሰዓት ሠራችሁ፤ 32 ሰዓት። ዓርብ የበዓል ምትክ ሆኖ ሳትሠሩ 8 ሰዓት ተከፈላችሁ። ቅዳሜ፣ በዓሉ በሚውልበት ቀን፣ ተጠርታችሁ 8 ሰዓት ሠራችሁ።

ወረቀቱ ላይ 48 ሰዓት አለ። ሰው ቶሎ ብሎ «ስምንቱ ኦቨርታይም ነው፣ አንድ ተኩል ይገባኛል» ይላል፤ 1,040 ዶላርም ይጠብቃል። የሚመጣው 960 ነው። በፌዴራል ሕግ ኦቨርታይም የሚጀምረው በእውነት ከተሠራ 40 ሰዓት በላይ ነው። የዓርቡ ሰዓት ተከፈለ እንጂ አልተሠራም። የተሠራው ልክ 40 ስለሆነ የ80 ዶላሩ ልዩነት የለም። ውላችሁ ወይም የምትኖሩበት ግዛት ሕግ የተሻለ ካዘዘ ግን ያ ይጸናል፤ ስለዚህ ወረቀቱን ይዛችሁ ከመጨቃጨቃችሁ በፊት ውሉን አንብቡ።

5. የማስገቢያ ቀን ካለባችሁ ለብቻው አጣሩ

የተዘዋወረ በዓል ቀነ ገደብንም ሊገፋ ይችላል። ዋሽንግተን ዲሲ የባርነት ማብቂያዋን ኤፕሪል 16 ታከብራለች። በ2022 ቀኑ ቅዳሜ ዋለና ወደ ዓርብ ኤፕሪል 15 ተመለሰ። ያ ዓርብ ደግሞ የመላው አገር የታክስ ማስገቢያ የመጨረሻ ቀን ነበር። በአንድ ከተማ በዓል የተነሳ የአብዛኛው አሜሪካዊ ቀነ ገደብ ወደ ሰኞ ኤፕሪል 18 ተገፋ።

የኢሚግሬሽን ወረቀትም የመጨረሻው ቀን ቅዳሜ፣ እሁድ ወይም የፌዴራል በዓል ላይ ሲወድቅ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይተላለፋል። ይህ ግን የሚሠራው ለፌዴራል በዓል ነው። የእናንተ መሥሪያ ቤት በራሱ ፈቃድ ሰኞን ስለዘጋ የመንግሥት ቀን አይራዘምም። እኔ አሁን በ2027 ካሌንደሬ ላይ ዲሴምበር 24ን በእርሳስ ነው የከበብኩት፤ ኤችአር ሲመልስልኝ በእስክርብቶ እደግመዋለሁ።