የሠርግ ጥሪ ካርድ በሁለት ቋንቋ ሲጻፍ የሚበዙ ስህተቶች

የምሠራው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ ማተሚያ ቤት ነው። ታኅሣሥ ሲገባ የጥር ሠርገኞች ይመጣሉ። ወረቀቱንና ሪባኑን ሲመርጡ ግማሽ ቀን ይፈጃሉ። ጽሑፉ ላይ ሲደርሱ ግን «ከአምናው የእህቷ ካርድ ላይ ገልብጥልን» ይላሉ። ጣጣው የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ጠሪው ማን እንደሆነ አለመለየት

«አቶ ታደሰ አለሙ እና ወ/ሮ አስካለ መኮንን በልጃቸው ጋብቻ ላይ እንዲገኙልን በአክብሮት ጠርተንዎታል» የሚል ካርድ በየሳምንቱ ያጋጥመኛል። (ስሞቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው።) ዓረፍተ ነገሩ በ«እነሱ» ጀምሮ በ«እኛ» ያልቃል። ከሁለቱ አንዱን ይምረጡ። የወላጆች ስም ከላይ ከሆነ «በልጃቸው... እንዲገኙላቸው በአክብሮት ይጠራሉ» ይበሉ። «በልጃችን... እንዲገኙልን ጠርተንዎታል» ካሉ ደግሞ ስማቸው እንደ ፊርማ ከታች ይግባ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፣ ወላጅ ራሱ የተናገረ ያስመስለዋል።

«ሚስተር ኤንድ ሚስስ ታደሰ»

የእንግሊዝኛው ገጽ ላይ ይህን የሚያህል ስህተት የለም። ፈረንጆች ዘንድ ሚስት የባሏን የቤተሰብ ስም ስለምትይዝ ያስኬዳል። እኛ ጋ ግን ወ/ሮ አስካለ የአባቷን ስም ይዛ ነው የምትኖረው። «ሚስተር ኤንድ ሚስስ ታደሰ አለሙ» ብሎ ማተም እናትየውን ከልጇ ሠርግ ላይ መፋቅ ነው። በእናት ወገን ያለው ዘመድ ካርዱን ተቀብሎ «የማን ሠርግ ነው?» ይላል። ሁለቱም በየራሳቸው ስም ይጻፉ፤ «ሚስተር ታደሰ አለሙ ኤንድ ሚስስ አስካለ መኮንን»። የስሞቹን የእንግሊዝኛ ፊደል ከፓስፖርት ወይም ከመታወቂያ ይገልብጡ፣ በግምት አያስጽፉ።

ጎንደር ደግሞ የካህናት አገር ነው። አባትየው መሪጌታ ከሆኑ «መሪጌታ» ይበቃል፣ «አቶ» አይደረብበትም። በእንግሊዝኛውም ማዕረጉ ሳይተረጎም እንደሚጠራው ይጻፍ።

አባት በሕይወት ከሌሉ ጠሪ ሊሆኑ አይችሉም። እናት ብቻቸውን ይጠራሉ። ለነገሩ «ማርታ ታደሰ» ሲባል የአባቷ ስም እዚያው አለ። ቤተሰቡ ለይቶ ማንሳት ከፈለገ «የሟች የአቶ ታደሰ አለሙ እና የወ/ሮ አስካለ መኮንን ልጅ» ይባላል። በእንግሊዝኛው ከስማቸው በፊት «ዘ ሌት» ይገባል። ሁለቱም ገጽ ላይ መኖሩን ያረጋግጡ፣ ብዙ ጊዜ አንዱ ላይ ይረሳል።

ቀኑን በቁጥር ብቻ መጻፍ

ሠርጉ እሑድ ጥር 16 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው እንበል። አንዳንዱ 16/05/2019 ብሎ ያስጽፋል፣ ጥር አምስተኛ ወር ስለሆነ። ውጭ አገር ያለ እንግዳ ይህን ሲያይ ሜይ 16፣ 2019 ብሎ ያነበዋል፤ ያለፈ ሠርግ! ስለዚህ ወሩ ሁልጊዜ በስሙ ይጻፍ፣ የሳምንቱም ቀን አይቅር።

ስሌቱ እንዲህ ነው። በአብዛኛው ዓመት ጥር 1 ጃንዋሪ 9 ላይ ይውላል። ስለዚህ ቀኑ ላይ 8 ይደምሩ፤ 16 ሲደመር 8፣ ጃንዋሪ 24። ይህ እስከ ጥር 23 ይሠራል፣ ከዚያ ፌብሯሪ ይገባል። በጥር ዓመቱም ላይ 8 ይደመራል፤ 2027። ኅዳር ላይ ለሚጋቡ ግን የሚደመረው 7 ዓመት ነው፣ ፈረንጆቹ ገና ዓመት አልቀየሩማ። የኅዳርን ካርድ በጥር ስሌት የሠራ ሰው አንድ ዓመት ይስታል።

ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ ባለው ጥር ደግሞ የሚደመረው 9 ነው። 2019 ዓ.ም. ጳጉሜን 6 ስለሆነች፣ እሑድ ጥር 14 ቀን 2020 ዓ.ም. ጃንዋሪ 23፣ 2028 ይሆናል። በለመዱት 8 ቢደምሩ 22 ይመጣል፣ እሱ ቅዳሜ ነው። የሳምንቱን ቀን ያስጻፍኩት ለዚህ ነው። የስልክዎን ካላንደር ከፍተው ጃንዋሪ 22ን ቢያዩ ስህተቱ ወዲያው ይታያል።

ሰዓት

ይቺ የራሴ ጥፋት ናት። የምሳ ግብዣው «ከቀኑ 6፡00 ሰዓት» ነበር። እንግሊዝኛው ላይ 6:00 PM ብዬ አተምኩት። በእኛ 6 ሰዓት ማለት በእነሱ 12:00 PM ነው። ባለሠርጉ ካየው በኋላ ካርዱን ሁሉ በእስክሪብቶ አረምን፣ ሪባን የታሰረውን እየፈታን። አሁን እንግሊዝኛው ላይ ከሰዓቱ ጎን «ኑን» የምትለዋን ቃልም አስገባለሁ፣ 12:00 PM እኩለ ሌሊት የሚመስለው ሰው አይጠፋም።