በባስባር ጥበቃ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ሃይ ኢምፒዳንስ፣ ሎው ኢምፒዳንስ እና ቼክ ዞን

በመሃል አዲስ አበባ፣ ከመርካቶ እስከ ካዛንቺስ ያለውን ጭነት የሚሸከም ባለ 132 ኪሎ ቮልት ሰብስቴሽን በሐሳብ እናቁም። ጣቢያው ሁለት ባስባርና አንድ ባስ ካፕለር አለው፤ እያንዳንዱ መስመር በሁለት አይሶሌተሮች አማካይነት ከአንደኛው ወይም ከሁለተኛው ባስባር ጋር ይገናኛል። የሲቲዎቹ ሬሾ 1200 በ1 ሲሆን ከፍተኛው የአጭር ዙር ከረንት 25 ኪሎ አምፔር ነው። እንዲህ ባለ ጣቢያ ላይ ጥበቃው ያለ ምክንያት አንድ ባስባር ቢጥል የከተማው እምብርት ግማሽ ይጨልማል፤ እውነተኛ ብልሽት ደርሶ ጥበቃው ዝም ቢል ደግሞ ብልሽቱን የሚያጠፉት በመስመሮቹ ሌላኛው ጫፍ ያሉት የሩቅ ሪሌዮች ይሆናሉ፤ እስከዚያው ድረስ መሣሪያው ይነዳል። ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች ከእነዚህ ከሁለቱ ወደ አንዱ የሚያደርሱ ናቸው።

ሁለቱም የጥበቃ ዓይነቶች የሚነሡት ከአንድ ሐሳብ ነው፤ ወደ ባስባር የገባው ከረንት ከወጣው ጋር እኩል መሆን አለበት። የሚለያዩት ከባስባሩ ውጭ በሚደርስ ትልቅ ብልሽት አንዱ ሲቲ ሳቹሬት አድርጎ የሚደርሰውን ከረንት በትክክል ማሳየት ሲያቅተው ነው። ሃይ ኢምፒዳንስ የሁሉንም ሲቲዎች ሽቦ በትይዩ አገናኝቶ በሪሌዩ መንገድ ላይ ትልቅ ሬዚስታንስ ያኖራል፤ የተሳሳተው ከረንት ወደ ሪሌዩ ከመሄድ ይልቅ ሳቹሬት ባደረገው ሲቲ በኩል መመለስ ይቀለዋል። ሎው ኢምፒዳንስ ግን የእያንዳንዱን ሲቲ ከረንት ለየብቻ ለክቶ ልዩነቱን በስሌት ያወጣል፤ የሚያልፈው ከረንት በጨመረ መጠንም ለትሪፕ የሚጠይቀውን ልዩነት ከፍ ያደርጋል።

የመጀመሪያው ስህተት፦ በሃይ ኢምፒዳንስ ስሌት የሽቦውን ሬዚስታንስ ለአንድ አቅጣጫ ብቻ መቁጠር

የስታቢሊቲ ቮልቴጁ የሚሰላው አንድ ሲቲ ሙሉ በሙሉ ሳቹሬት አድርጎ ባዶ ሬዚስታንስ ብቻ ሆኗል በሚል ግምት ነው፤ Vs ስታቢሊቲ ቮልቴጁ፣ If በሲቲው ሁለተኛ ጎን የሚታየው የብልሽት ከረንት፣ Rct የሲቲው ጠምዛዛ ሬዚስታንስ፣ RL የሽቦው የአንድ አቅጣጫ ሬዚስታንስ ነው፦

```
Vs = If × (Rct + 2RL)
```

በእኛ ጣቢያ 25 ኪሎ አምፔር በሲቲው ሁለተኛ ጎን 20.83 አምፔር ይሆናል። የሲቲው ጠምዛዛ ሬዚስታንስ 4 ኦም፣ ከሲቲው እስከ መገናኛው ሳጥን ያለው ሽቦ በአንድ አቅጣጫ 1 ኦም ነው እንበል። ይህ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ 135 ሜትር ያህል ሲዘረጋ የሚኖረው ሬዚስታንስ ነው። ሽቦው ሄዶ ስለሚመለስ ቮልቴጁ 20.83 በ6 ተባዝቶ 125 ቮልት ይሆናል። መሐንዲሱ መመለሻውን ከዘነጋ 104 ቮልት ያገኛል፤ ሪሌዩም በዚያ ላይ ይቀመጣል። ጣቢያው ለዓመታት ያለ እንከን ሊሠራ ይችላል፤ ስህተቱ የሚገለጠው ከጣቢያው በር አጠገብ ባለ መስመር ላይ ከፍተኛው ብልሽት በደረሰ ቀን፣ በሪሌዩ ላይ 125 ቮልት ሲታይና ጤነኛው ባስባር ሲወድቅ ነው። ስለዚህ የሽቦውን ርዝመት ከሥዕል ከመገመት ይልቅ በኮሚሽኒንግ ጊዜ ሬዚስታንሱን ከሩቁ ሲቲ ዘንድ መለካት ይገባል። ከዚህ ጋር የሲቲው ኒ ፖይንት ቮልቴጅ ቢያንስ የ125 ቮልት እጥፍ፣ ማለትም 250 ቮልት መሆን አለበት፤ ያለበለዚያ ሪሌዩ በእውነተኛ ብልሽት ጊዜ በፍጥነት ለመሥራት የሚበቃ ጉልበት አያገኝም።

የሪሌዩ ሴቲንግ 0.2 አምፔር ከሆነ ስታቢላይዚንግ ሬዚስተሩ 625 ኦም ገደማ ይሆናል። በዚህ ሬዚስተር ላይ የውስጥ ብልሽት ከረንት ሲፈስ የሚፈጠረው የቮልቴጅ ጫፍ፣ ኒ ፖይንቱን 300 ቮልት ብለን በተለመደው ቀመር ስናሰላው፣ ከ5 ሺህ ቮልት ይበልጣል። የሁለተኛ ጎን ሽቦና ተርሚናል ሊሸከም የሚገባው ልክ 3 ሺህ ቮልት ተደርጎ ስለሚወሰድ ቮልቴጁን የሚገድበው ሜትሮሲል የግድ ያስፈልጋል። ሬዚስተሩ ተገዝቶ ሜትሮሲሉ የቀረበት ፓነል ሥራውን የሚጨርሰው በመጀመሪያው እውነተኛ ብልሽት ነው።

ሁለተኛው ስህተት፦ ሁለት ባስባር ባለው ጣቢያ የሲቲ ሽቦን በአይሶሌተር ረዳት ኮንታክት ማቀያየር

ሃይ ኢምፒዳንስ ለአንድ ባስባር ጣቢያ ግሩም ነው፤ ፈጣን፣ ቀላልና ለመረዳት የማያስቸግር ነው። መስመሮች ከባስባር ወደ ባስባር በሚዛወሩበት ጣቢያ ግን የሲቲው ከረንት ራሱ አይሶሌተሩን ተከትሎ መዛወር አለበት። አቧራ የያዘ ወይም በጊዜው ያልዞረ ኮንታክት ጭነት የተሸከመ ሲቲን ክፍት ያደርገዋል፤ ይህም ለሠራተኛው ሕይወትም ለመሣሪያውም አደገኛ ነው። በሎው ኢምፒዳንስ ሲቲው ከራሱ የመስመር ክፍል አይወጣም፤ የሚቀያየረው በሪሌዩ ውስጥ ያለ ስሌት ነው። ስለዚህ ለአዲስ ባለ ሁለት ባስባር ጣቢያ የኔ ምርጫ ያለ ማመንታት ሎው ኢምፒዳንስ ነው።

ሦስተኛው ስህተት፦ ቼክ ዞን ከሁሉም ነገር ይጠብቃል ብሎ ማመን

ከሁሉም በላይ ሰፍቶ የሚታየው ስህተት ይህ ስለሆነ ጊዜ ወስደን እንየው። ቼክ ዞን ሁለቱን ባስባሮች እንደ አንድ ቆጥሮ ወደ ጣቢያው የሚገቡና የሚወጡ መስመሮችን ሁሉ ይደምራል፤ የትኛው መስመር በየትኛው ባስባር ላይ እንዳለ ማወቅ አያስፈልገውም። ትሪፕ የሚላከው የአንደኛው ወይም የሁለተኛው ባስባር ዞን እና ቼክ ዞኑ በአንድነት ሲስማሙ ብቻ ነው።

አንድ 700 አምፔር የተሸከመ መስመር ከአንደኛው ባስባር ወደ ሁለተኛው ተዛወረ፤ ነገር ግን የአንደኛው አይሶሌተር ረዳት ኮንታክት ተጣብቆ አሁንም ዝግ እንደሆነ፣ የሁለተኛውም ክፍት እንደሆነ ለሪሌዩ ይነግረዋል እንበል። የአንደኛው ዞን 700 አምፔር የሐሰት ልዩነት ያያል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ቼክ ዞኑ ግን አይሶሌተርን ስለማይመለከት የሚያየው ልዩነት ዜሮ ነው፤ ትሪፑም ይታገዳል። ቼክ ዞን የተሠራው ለዚህ ነው።

አሁን በዚያው መስመር ላይ የሲቲው ሽቦ ከተርሚናሉ ወጣ እንበል። የዞኑ ልዩነት 700 አምፔር ይሆናል። በዘመናዊ ሎው ኢምፒዳንስ ሪሌይ ውስጥ ቼክ ዞኑ የሚሰላው ከዚያው ሲቲ በመጣው መለኪያ ስለሆነ የእርሱም ልዩነት 700 አምፔር ይሆናል። ሁለቱ ይስማማሉ፤ ሴቲንጉ ከ700 በታች ከሆነና የሲቲ ክትትሉ ካልቀደመ ጤነኛው ባስባር ይወድቃል። በቀድሞው የሃይ ኢምፒዳንስ አሠራር ቼክ ዞኑ የራሱ ሲቲ ኮር ነበረው፤ የአንዱ ኮር ሽቦ ቢበጠስ ሌላኛው ምንም ልዩነት አያይም ነበር። ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ በስሌት የሚሠራው ቼክ ዞን ያንን ነፃነት ይዞ መጥቷል ብሎ ማሰብ አይገባም። መከላከያው የብልሽቱ ከረንት እስከፈቀደ ድረስ የልዩነት ሴቲንጉን ከትልቁ የመስመር ጭነት በላይ ማድረግ እና የሲቲ ክትትሉን ጥቂት ሰከንዶች ቆይቶ ዞኑን እንዲያግድ አድርጎ ማብራት ነው።

አራተኛው ስህተት፦ ቼክ ዞኑ አግዶታልና የአይሶሌተሩን ማስጠንቀቂያ ለነገ ማሳደር

ከላይ ያየነው የተጣበቀ ኮንታክት ሳይጠገን ቀረ እንበል፤ በማግስቱ በሁለተኛው ባስባር ላይ እውነተኛ ብልሽት ደረሰ፤ ያ መስመርም 4 ኪሎ አምፔር ወደ ብልሽቱ ይመግባል። ብልሽቱ እውነተኛ ስለሆነ ቼክ ዞኑ ይሠራል። የአንደኛው ዞን በስህተት የተመዘገበለትን 4 ኪሎ አምፔር እንደ ልዩነት ያያል፤ ይህ ልዩነት ከዞኑ ሴቲንግና ከሚያልፈው ከረንት አንጻር በቂ ሆኖ ከተገኘ የሚያግደው ነገር የለም። አንድ ባስባር ብቻ መውደቅ ሲገባው ሁለቱም ይወድቃሉ። በቁጥጥር ክፍሉ ስክሪን ላይ የዞን ልዩነት ወይም የአይሶሌተር አለመስማማት ማስጠንቀቂያ በርቶ ሳለ ቀጣይ የመስመር ዝውውር መደረግ የለበትም።

አምስተኛው ስህተት፦ የባስ ካፕለሩን ሲቲ በቼክ ዞን ውስጥ ማስገባት

የካፕለሩ ከረንት ከአንዱ ባስባር ወጥቶ ወደ ሌላው የሚገባ እንጂ ከጣቢያው የሚወጣ አይደለም፤ ስለዚህ በቼክ ዞን ድምር ውስጥ ቦታ የለውም። ካፕለሩ 450 አምፔር ሲሸከም ሲቲው በስህተት ከገባ ቼክ ዞኑ ብልሽት ሳይኖር 450 አምፔር ልዩነት ያሳያል፤ ሴቲንጉ ከዚያ በታች ከሆነ ሁልጊዜ እንደሠራ ይቆያል፤ መስማማቱም ትርጉም ያጣል። ነገሩ የሚከፋው ዞኖቹ ጤነኞች ስለሆኑ ምንም ብሬከር አለመውደቁና ስህተቱ ተሸፍኖ መቆየቱ ነው። ለማወቅ ግን ቀላል ነው፦ ካፕለሩ በቂ ጭነት ተሸክሞ ሳለ የቼክ ዞኑን ልዩነት ከሪሌዩ ላይ ማንበብ ብቻ ይበቃል። ካፕለሩ ክፍት ሆኖ የተደረገ ንባብ ግን ይህን ስህተት አያሳይም።

ስድስተኛው ስህተት፦ ለቼክ ዞኑ የዞኖቹን ስሎፕ መስጠት

ስሎፕ ማለት ለትሪፕ የሚጠየቀው የልዩነቱና የከረንቶቹ መጠን ድምር ጥምርታ ነው። ቼክ ዞኑ የጣቢያውን ከረንት ሁሉ ስለሚደምር ከብልሽቱ ጋር ግንኙነት የሌለው የጤነኛው ባስባር ጭነትም ማገጃ ሆኖ ይቆጠርበታል። ካፕለሩ ክፍት ነው እንበል፤ በአንደኛው ባስባር ላይ ደካማ ምንጭ የሚመግበው 1400 አምፔር ብልሽት ደረሰ፤ በሁለተኛው ባስባር በኩል ደግሞ 1200 አምፔር ገብቶ 1200 አምፔር ይወጣል። ለአንደኛው ዞን ልዩነቱም ድምሩም 1400 ስለሆነ ጥምርታው 1 ነው፤ ያለ ጥርጥር ይሠራል። ለቼክ ዞኑ ግን ልዩነቱ 1400፣ የከረንቶቹ መጠን ድምር 3800 ስለሆነ ጥምርታው 0.37 ገደማ ይሆናል። ስሎፑ እንደ ዞኖቹ 0.6 ከሆነ ቼክ ዞኑ አይስማማም፤ እውነተኛው ብልሽትም ባስባሩ ላይ ይቀራል። 0.3 ከሆነ ግን ይሠራል።

ቼክ ዞኑ በብልሽቱ ቦታ ላይ መፍረድ ስለማይጠበቅበት ስሎፑን ዝቅ ማድረግ የባስባር መረጣውን አያበላሽም፤ ያንን የሚያደርጉት ዞኖቹ ናቸው። ይሁን እንጂ 0.3ን ለሁሉም ጣቢያ መገልበጥ አይገባም። ጣቢያው በተከፈለ ሁኔታ ሲሠራ በትንሹ የሚጠበቀው የብልሽት ከረንት ከትልቁ የጤነኛ ባስባር ጭነት ጋር ተይዞ ከላይ እንዳደረግነው መሰላት አለበት፤ በተለይ ከጠቅላላ የኃይል መቋረጥ በኋላ ጣቢያው በአንድ መስመር ብቻ በሚነሣበት ሰዓት የሚኖረው ዝቅተኛ ከረንት ሊዘነጋ አይገባም። በዚያ ሰዓት ጥምርታው 0.3ን የማያልፍ ሆኖ ከተገኘ፣ ስሎፑ ሲወርድ በውጭ ብልሽት ጊዜ የሚመጣውን የሲቲ ሳቹሬሽን አደጋ አብሮ ማየት ያስፈልጋል፤ ካልሆነም የሁለተኛውን ባስባር ጭነት ከመመለስ በፊት አንደኛውን ባስባር ኃይል ሰጥቶ ማረጋገጥ የሚል የአሠራር ትእዛዝ ይጻፋል።