በብሎክ ግሩፕ ላይ ሰው የምር የሚመልሰው ጥያቄ እንዴት ይጻፋል?

በኮንዶሚኒየም የቴሌግራም ግሩፕ ላይ "ስለ ውሃው ጉዳይ ምን ትላላችሁ?" ብላችሁ ብትጽፉ ምን እንደሚመጣ ይታወቃል። ሁለት ሰው አውራ ጣት ያሳያል፣ አንዱ ያለፈውን ኮሚቴ መውቀስ ይጀምራል፣ የቀረው አይቶ ያልፋል። ሰዉ ውሃው ሳያሳስበው ቀርቶ አይደለም። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነ ከየት እንደሚጀምር ግራ ገብቶት ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ፣ መልሱ ሲመጣ ምን እንደምታደርጉበት ወስኑ። ለምሳሌ ብሎካችሁ ምድር ላይ ባለው ሮቶ ውሃ ያጠራቅማል እንበል፣ ፓምፑ ወደ ላይኞቹ ፎቆች የሚገፋው በቀን ለሁለት ሰዓት ብቻ ነው፣ ጥበቃው ደግሞ በስንት ሰዓት እንደሚያስነሳው ንገሩኝ ብሏል። የሚወሰነው ሰዓቱ ነው። ጥያቄውም ስለ ሰዓቱ ብቻ ይሁን። የመብራት ሒሳቡን፣ የሮቶውን እጥበት፣ የቧንቧውን ብልሽት እዚያው ውስጥ አትጨምሩ፤ ሁለት ነገር ከጠየቃችሁ ሰው ለቀላሉ መልሶ ከባዱን ይተዋል።

ቀጥሎ አጻጻፉ። "የትኛው ሰዓት ይሻላል?" ካላችሁ ሰው ለሁሉም ይሻላል ብሎ የሚገምተውን ይመርጣል፣ ወይም ለጎረቤቱ ይሉኝታ ይይዘዋል። ስለ ራሱ ቤት ጠይቁት፦ "ፓምፑ ሲነሳ ቤታችሁ ውስጥ ውሃ የሚቀዳ ሰው የሚኖረው በስንት ሰዓት ነው?" ይህን ለመመለስ ማሰብ አያስፈልግም፣ ስለ ቤቱ ያውቃል።

ጥያቄውን የምትልኩት ሰው ከተዘረዘሩት መልሶች በሚመርጥበት የቴሌግራም ፖል ነው። ምርጫዎቹ ላይ ግን ጊዜ ውሰዱ፣ ብዙ ፖል የሚበላሸው እዚህ ነው። "12 ሰዓት" ብቻ ብላችሁ ከጻፋችሁ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ማታ ብሎ ይረዳዋል። "ከ12 እስከ 2" እና "ከ1 እስከ 3" ብላችሁ ካስቀመጣችሁ ደግሞ 1:30 ላይ ቤቱ ያለ ሰው የቱን ይምረጥ? እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦

ጠዋት ከ12 እስከ 2 ሰዓት
ቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት
ማታ ከ1 እስከ 3 ሰዓት
ከእነዚህ በአንዱም ሰው የለም (ሰዓቱን ከታች ጻፉልን)
ውጤቱን ለማየት ብቻ

የመጨረሻዋን አትናቋት። ቴሌግራም ላይ ብዙ ጊዜ ውጤቱ የሚታየው ከመረጡ በኋላ ነው። ማየት ብቻ የፈለገ ሰው ያገኘውን ነክቶ ይገባል፣ እናንተ ደግሞ እውነተኛ ድምፅ መስሏችሁ ትቆጥሩታላችሁ። እንዲሁም አንድ ቤት ጠዋትም ማታም ሰው ሊኖረው ስለሚችል ከአንድ በላይ መምረጥ የሚያስችለውን ማስተካከያ ክፈቱ። ሳትልኩት በፊት ለአንድ ጎረቤት አሳዩት፤ ፖል አንዴ ከተላከ ጽሑፉን ማረም አይቻልም፣ አቁሞ አዲስ መላክ ነው የሚሆነው።

ስም ይታይ ወይስ አይታይ? በሰዓት ጉዳይ ቢታይ ጥሩ ነው፣ ማን እንዳልመለሰ ታውቃላችሁ። ስለ ገንዘብ መዋጮ ወይም ስለ ኮሚቴው አሠራር ከሆነ ግን ደብቁት። ደረጃ ላይ በየቀኑ የምትገናኙት ሰው "አልስማማም" ብሎ በስሙ ለመምረጥ ይከብደዋል፣ ዝም ይላል፣ ወይም ብዙኃኑን ይከተላል።

ከፖሉ በላይ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉ፦ ለምን እንደምትጠይቁ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ፣ ከዚያ ምን እንደሚሆን። ለምሳሌ፦ "ጎረቤቶች እንደምን አመሻችሁ። ከሰኞ ጀምሮ ፓምፑ የሚነሳበትን ሰዓት ለጥበቃው መንገር አለብን። እባካችሁ ከአንድ ቤት አንድ ሰው ብቻ ይምረጥ። ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት ላይ እንዘጋዋለን፣ ብዙ ቤት የመረጠውን እሑድ እናሳውቃለን።" ማታ ሰው ራት በልቶ ስልኩን ሲይዝ ላኩት፣ ከላይ ሰክታችሁ አቆዩት። አርብ ቀን አንድ ጊዜ ብቻ አስታውሱ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ሰዉ ግሩፑን ድምፅ ያጠፋበታል።

ሲዘጋ ቁጥሩን ከቤቶቹ ብዛት ጋር አስተያዩ። ሃያ አራት ቤት ባለበት ሠላሳ ሰው ከመረጠ ባልም ሚስትም መርጠዋል ማለት ነው። ስሙ ስለሚታይ ከአንድ ቤት የመጡትን ለይታችሁ አንድ ቤት ብላችሁ ቁጠሩ። ዘጠኝ ብቻ ከሆነ ደግሞ ምድር ቤት ያሉት ውሃ ስለማይቸግራቸው ዘለውት ይሆናል። የመረጡት ላይኞቹ ፎቆች ከሆኑ በዚያ መወሰን ይቻላል። እነሱ ከጎደሉ ግን ቁጥሩን ይዛችሁ አትወስኑ፣ ወጥታችሁ በራቸውን አንኳኩ፤ ስማርት ስልክ የሌላቸው እማማ ያሉትም ብዙ ጊዜ እዚያው ላይ ነው።

እሑድ ውጤቱን ስታሳውቁ የተሸነፈውንም ወገን ጥቀሱ፦ "ማታ ከ1 እስከ 3 ተመርጧል። ማታ ሰው የሌላቸው አራት ቤቶች ደግሞ በርሜላቸውን ደጅ ቢተዉ ጥበቃው ይሞላላቸዋል።"